ለባለታሪኩ አጃቢ መሥራት፦ ከማሳቅ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ታሪኩ ሲደርቅበት ቀልደኛ ጓደኛ የሚጨምር ጸሐፊ ብዙ ነው። ጓደኛው በየምዕራፉ ብቅ እያለ አንድ ሁለቴ ያስቃል፤ ጀግናው ወደ ሥራው ሲገባ ደግሞ ዳር ይዞ ይቆማል። እንዲህ ዓይነቱን አጃቢ ከድርሰቱ ብታወጡት ሳቁ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ታሪኩ ምንም አይሆንም። በደንብ የተሠራ አጃቢ ከወጣ ግን ታሪኩ አብሮት ይፈርሳል። ጀግናው ምን እንደሚያስብ አንባቢው የሚሰማው፣ የት እንደተሳሳተ የሚያየው በአጃቢው በኩል ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እንዲህ ዓይነቱን አጃቢ ለመሥራት ነው። ለአጭር ልብ ወለድም ለፊልም ጽሑፍም ይሆናል፤ የሰው ሐሳብ በድምፅ ካልወጣ ጨርሶ ለማይሰማበት ለሬዲዮ ድራማ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፣ ችግሩ ከየት ይመጣል?

ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ ዶን ኪኾቴ የተባለውን ልብ ወለዱን የመጀመሪያ ክፍል ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1605 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የፈረሰኛ ጀብዱ መጻሕፍት አብዝቶ አንብቦ ያበደውን ጀግናውን መጀመሪያ ለጉዞ ያስወጣው ብቻውን ነበር። ሰውዬው በፈረሱ ላይ ሆኖ ለራሱ ያወራል፤ ወደፊት ታሪኩን የሚጽፍለት ሰው የዚያችን ጠዋት ጉዞ እንዴት ባለ ቃል እንደሚያስውባት ጮክ ብሎ ይናገራል። የሚሰማው ሰው ስለሌለ፣ እብደቱን ለእኛ መንገር የደራሲው ሥራ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጉዞ በጥቂት ምዕራፎች ያልቃል፤ ጀግናው ተደብድቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በ7ኛው ምዕራፍ ድሃው ገበሬ ጎረቤቱ ሳንቾ ፓንሳ ይመጣል፤ በ8ኛው ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የነፋስ ወፍጮ ፍልሚያ ይከተላል። አሁን ጀግናው «ግዙፋን መጡ» ሲል፣ ወፍጮ መሆናቸውን የሚነግረው ሰው አጠገቡ አለ። ደራሲው «ይህ ሰው አብዷል» ማለት አያስፈልገውም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር እያዩ ይከራከራሉ፣ እኛም ክርክሩን እየሰማን እንፈርዳለን። መጽሐፉ የቀረውን ረጅም መንገድ የሚሄደው በዚህ ክርክር ነው።

ይህ ችግር በሌላ ዘመንና በሌላ ዓይነት ሥራም ተመልሶ መጥቷል። የሥዕላዊ ታሪክ ጀግናው ባትማን በ1939 ሲጀምር ብቸኛ ነበር። ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ቢል ፊንገር፣ ጀግናው የሚያናግረው ሰው ስለሌለው ሁልጊዜ ለራሱ ሲያስብ ማሳየት አሰልቺ እንደሆነ ተናግሯል። በ1940 አጃቢው ሮቢን ተጨመረ። የቀልድ እጥረት አልነበረም ያስመጣው። ብዙ ታሪክ ውስጥ አጃቢ የሚገኝበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ ጀግና አስደናቂ እንዲሆን ከእኛ መራቅ አለበት፣ እንዲገባን ደግሞ መቅረብ አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማስታረቅ ከባድ ነው።

1. መጀመሪያ ያለ አጃቢ ጻፉ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አንሡ

አጃቢውን ከመፍጠራችሁ በፊት የታሪኩን አንድ ወሳኝ ትዕይንት ጀግናውን ብቻውን አድርጋችሁ ጻፉት፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ከዚያ «አሰበ»፣ «ተገነዘበ»፣ «ትዝ አለው»፣ «ቅር አለው»፣ «ገባው» የሚሉትን ግሦች ሁሉ አስምሩባቸው።

ለዚህ መመሪያ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ባለታሪኳ ሙሉ የምትባል፣ ዕድሜዋ ሠላሳ የሆነ ኦዲተር ናት። በጅማ አካባቢ የሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ጀንፈል ቡና ልትቆጥር መጥታለች። መዝገቡ 400 ጆንያ ይላል። እውነቱ ግን የ30 ጆንያ ያህል ቡና በሌሊት ወጥቷል፤ የቀረው ለ400ው ጆንያ ተከፋፍሎ፣ ክብደቱ እንዲሞላ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ብቻዋን ስትሆን ትዕይንቱ ይህን ይመስላል፦

«ሙሉ መዝገቡን ዘጋች። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሚዛኑም ልክ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ቅር አላት። ጀንፈል ሲደርቅ ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ እንደሚንኳኳ ትዝ አላት። ይህኛው አይንኳኳም። ውሃ ተርከፍክፎበታል ማለት ነው ብላ አሰበች።»

በስድስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቦታ ይሰመርበታል፦ «ቅር አላት»፣ «ትዝ አላት»፣ «አሰበች»። ስህተት የለበትም፤ ግን ምንም አልተከሰተም። አንዲት ሴት ቆማ ሁሉን አወቀች፣ አበቃ። ካሰመራችሁባቸው ውስጥ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሱት፣ ማለትም አንባቢው ሳያውቃቸው ማለፍ የማይችለው ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አጃቢ ያስፈልጋችኋል። አንድ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም፤ በአንድ ደብዳቤ ወይም በአንድ የስልክ ጥሪ ይፈታል።

2. ማን ምን እንደሚያውቅ በሁለት ዓምድ ክፈሉ

ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ ወገን ጀግናው የሚያውቀውንና አጃቢው የማያውቀውን፣ በሌላው አጃቢው የሚያውቀውንና ጀግናው የማያውቀውን ጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ከቀረ የፈጠራችሁት ሰው «እንዴት አወቅህ?» እያለ የሚጠይቅ መሣሪያ ነው፤ ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ አንባቢው ይሰለቸዋል። ጀማሪዎች ላይ በብዛት የሚታየው ጉድለት ይህ ነው፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው። አጃቢው ጀግናው ከማይደርስበት ኑሮ የመጣ ዕውቀት ይኑረው። ሳንቾ መጽሐፍ አላነበበም፤ አህያው፣ ምግቡና የገጠሩ ሰው ጠባይ ግን የሱ ናቸው።

በእኛ ታሪክ አጃቢው ጋሽ ደምሴ ይሁኑ፤ በመጋዘኑ ለብዙ ዓመት በጫኝና አውራጅነት የሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሰው። ሙሉ መዝገብ፣ ሚዛንና ሕግ ታውቃለች። እሳቸው ጆንያን በትከሻቸው ያውቃሉ። አሁን ስለ ድምፁ የምታስታውሰው ሙሉ መሆኗ ቀርቶ ዕውቀቱ ወደ እሳቸው ይሻገር፦

«ቁጥሩም ልክ ነው፣ ሚዛኑም ልክ ነው» አለች ሙሉ። «ጨርሰናል፣ ጋሽ ደምሴ። ይችን የመጨረሻዋን መልሰው ይደርድሯት።»

ጋሽ ደምሴ ጆንያዋን ከሚዛኑ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«ምነው፣ ከበደዎት?»

«ክብደቱስ ያው ነው። ድምፅ የለውም እንጂ።»

«የምን ድምፅ?»

«ጀንፈል ከደረቀ በየእርምጃው ይንኳኳል። ጆሮዬ ሥር ነው የምሸከመው። ይሄ ዝም አለ።»

ሙሉ የዘጋችውን መዝገብ መልሳ ከፈተች። የክብደቱ ዓምድ ሞልቷል፤ የእርጥበቱ ዓምድ ባዶ ነው።

«ሲገባ ይንኳኳ ነበር?»

ጋሽ ደምሴ ጆንያዋን አወረዱ። «ሲገባስ ይንኳኳ ነበር» አሉና ወደ በሩ አዩ።

«አሰበች» የሚል አንድም ቦታ የለም። የሙሉ ብልህነት ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ጎልቷል፤ ምክንያቱም ድምፁን ሰምታ ቀጥታ ወደ ትክክለኛው ዓምድ ሄደች፣ ከዚያም ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀች። አጃቢ ጀግናን ትልቅ የሚያደርገው በማድነቅ አይደለም፤ ጀግናው የሚሠራበትን ነገር እጁ ላይ በማስቀመጥ ነው። የመጨረሻዋ እንቅስቃሴ፣ ወደ በሩ ማየታቸው፣ ለደረጃ 4 የተቀመጠች ዘር ናት።

አንድ የተለመደ ወጥመድ እዚህ ላይ አለ። ጸሐፊው መረጃ ለአንባቢ ማድረስ ሲፈልግ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ያደርጋል፦ «እንደምታውቀው መጋዘኑ የማኅበሩ ነው…»። «እንደምታውቀው» የምትለዋን ሐረግና እህቶቿን በረቂቁ ውስጥ ፈልጋችሁ ሰርዙ። መረጃው ከሁለቱ አንዱ በእውነት የማያውቀው ካልሆነ በንግግር አይወጣም።

3. አይንና አፉ የማን እንደሆነ ወስኑ

ጀግናው ከአንባቢው ፈጥኖ የሚያስብ ከሆነ ታሪኩን አጃቢው ቢተርከው ይሻላል። የዚህ አሠራር ትልቁ ምስክር መርማሪው ሼርሎክ ሆምስ ነው። ከ1887 ጀምሮ በኮናን ዶይል ከተጻፉት 60 ታሪኮች ውስጥ 56ቱን የሚተርከው ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን ነው። ዋትሰን ሆምስ ያየውን ሁሉ አብሮ ያያል፤ ጭቃውን፣ አመዱን፣ የተቀደደውን ወረቀት ይነግረናል። ትርጉሙን ግን ስለማያውቅ አይነግረንም። ስለዚህ ምንም ሳይደበቅብን ምስጢሩ እስከ መጨረሻው ምስጢር ሆኖ ይቆያል።

ሆምስ ራሱ ሲተርክ ምን ይከሰታል? ዶይል ሞክሮታል፤ በ1926 የወጡ ሁለት ታሪኮች በሆምስ አፍ የተነገሩ ናቸው። በአንደኛው ሆምስ ራሱ ዋትሰን እንደናፈቀው ይናገራል፤ ዋትሰን በጥያቄውና በአድናቆቱ ተራውን ዘዴ ተአምር ያስመስለው እንደነበር፣ ራሱ ሲተርክ ግን ይህ እርዳታ እንደሌለው ያማርራል። ምሬቱ የጸሐፊውም ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ፍንጩን ያየና ትርጉሙን ያወቀ ተራኪ ወይ ወዲያው መናገር አለበት፣ ምስጢሩ ያልቃል፤ ወይ መደበቅ አለበት፣ አንባቢው እንደተታለለ ይሰማዋል።

አጃቢው ምን ያህል ብልህ ይሁን? እንግሊዛዊው ቄስና የወንጀል ታሪክ ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ በ1929 ባወጣቸው ደንቦች ለዚህ መጠን ሰጥቶታል፦ የመርማሪው ጓደኛ በአእምሮው የመጣውን ሐሳብ ከአንባቢ መደበቅ የለበትም፣ ብልህነቱም ከመካከለኛው አንባቢ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ይበል። ሁለቴ «በጥቂቱ» የማለቱ ነገር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። አጃቢው ጅል ከሆነ አንባቢው ቀድሞት ሄዶ ይጠብቀዋል፤ ጀግናውም ጅልን በመብለጡ አይደነቅም። መለኪያው ይህ ነው፦ ረቂቁን ለአንድ ሰው ስጡና አጃቢው ጥያቄ ከሚጠይቅበት ቦታ በፊት አስቁሙት። እሱም ያንኑ ጥያቄ ሊጠይቅ ከሆነ ልክ ነው። መልሱን ካወቀው አጃቢያችሁ በጣም ደንዝዟል።

4. አጃቢው የራሱ ጉዳይ ይኑረው፤ አንድ ቦታም እምቢ ይበል

አጃቢው ጀግናውን ለምን ይከተላል? «ስለሚወደው» ብቻውን በቂ አይደለም። ሳንቾ የወጣው የደሴት ገዥ ትሆናለህ ስለተባለ ነው፤ ደሴቷን አይረሳትም፣ ደመወዙንም ያነሣል። ይህ ፍላጎት ካለ በሁለቱ መካከል ዋጋ የሚከፈልበት ግንኙነት ይኖራል፤ ግንኙነቱም ሊሻክር፣ ሊታደስ፣ ሊፈርስ ይችላል።

የአጃቢውን ፍላጎት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከዚያ ከጀግናው ግብ ጋር የሚጋጭበትን አንድ ቦታ ፈልጉ። ጋሽ ደምሴ የሚፈልጉት እንጀራቸውን ነው፤ ነገም የሚጠራቸው የመጋዘን ኃላፊው ነው። ሌላም አለ፤ ያን ሌሊት 30ውን ጆንያ መኪና ላይ የጫኑት እሳቸው ናቸው። የተለመደ ጭነት መስሏቸው ነበር። ወደ በሩ ያዩት ለዚህ ነው። ኦዲተሯ እውነቱን እያወቀች በሄደች ቁጥር እሳቸው ወደ አደጋው ይቀርባሉ፤ ይህንንም ያቀበሏት ራሳቸው ናቸው። የሚያስፈልገን ግጭት ይህ ነው፤ ክፉ ሰው ሳንጨምር ከሁለት ደግ ሰዎች መካከል ወጣ።

እምቢታው የሚመጣው ከታሪኩ ሁለት ሦስተኛ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ቀድሞ ከመጣ አንባቢው ገና ግንኙነቱን አልወደደውም፤ በመጨረሻው ገጽ ከመጣ ደግሞ ጀግናው በእምቢታው ምክንያት የሚያደርገው ነገር አይኖርም።

በአማርኛ ስንጽፍ ለዚህ ቦታ ከፍ ያለ መሣሪያ አለን፤ አጠራሩ። ሙሉ ለጋሽ ደምሴ በዕድሜያቸው «እርስዎ» ትላለች፤ እሳቸውም ለሹመቷ ሲሉ «እርስዎ» ይሏታል። ይህን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንድም ቦታ ሳትስቱ ጠብቁት። ከዚያ ሙሉ ወረቀት አቅርባ ምስክርነታቸውን እንዲፈርሙ ስትጠይቅ፦

«አንቺ ነገ ጅማን ለቀሽ ትሄጃለሽ፣ ልጄ። እኔ ነገም እዚሁ ነው የምሸከመው።»

አንድ «አንቺ» እና አንድ «ልጄ» የአንድ ገጽ ሥራ ሠሩ፤ ሹመቷ ተነሣ፣ አባትነታቸው መጣ፣ እምቢታውም ቁጣ ሳይሆን ልመና መሰለ። አጠራሩ ቀደም ብሎ በግድየለሽነት ተደበላልቆ ቢሆን ኖሮ ማንም አያስተውለውም ነበር። ስለዚህ የንግግሩን ክፍል ብቻ ነጥላችሁ አንብቡና ያለ ቦታው የገባ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ካለ አርሙ።

5. በወሳኙ ሰዓት ለዩአቸው

ጀግናው የመጨረሻውን ውሳኔ የሚወስነው ብቻውን ቢሆን ይሻላል፤ አለበለዚያ ድሉ የማን እንደሆነ ይጠፋል። ጥያቄው አጃቢው እንዴት ይለይ የሚለው ነው። ሰነፉ መንገድ ሕመም፣ የመኪና ብልሽት ወይም ጥይት ነው። በተለይ አጃቢን ጀግናው እንዲቆጣ ብቻ መግደል አንባቢው ወዲያው የሚያውቀው ዘዴ ሆኗል። ሞቱ የሚሠራው የጀግናውን ጥያቄ ሲቀይር ነው። በጥንቱ የሜሶጶጣሚያ ንጉሥ በጊልጋሜሽ ታሪክ ጓደኛው ኤንኪዱ ሲሞት ጊልጋሜሽ ማንንም ሊበቀል አይወጣም፤ እኔም እሞታለሁ ማለት ነው ብሎ ደንግጦ የዘላለም ሕይወትን ፍለጋ ይሄዳል። ዝና ፍለጋ የነበረው ታሪክ ከዚያ በኋላ ስለ ሞት ሆነ።

የተሻለው መንገድ በደረጃ 4 የጻፋችሁት የአጃቢው ፍላጎት ራሱ እንዲለያቸው ማድረግ ነው። ሰርቫንቴስ በ1615 ባወጣው ሁለተኛ ክፍል ለሳንቾ የሚገዛውን «ደሴት» ሰጠውና ከጌታው ለየው፤ ምዕራፎቹም አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው እየተቀያየሩ ይሄዳሉ። ሁለቱም ብቻቸውን ሲሆኑ ምን እንደሚጎድላቸው የምናየው ያኔ ነው። በእኛም ታሪክ ጋሽ ደምሴ ስላልፈረሙ ሙሉ ብቻዋን ትቀራለች፤ ያለ ምስክር፣ በባዶው የእርጥበት ዓምድ ብቻ። የእርጥበት መለኪያ ማስመጣት አለባት፤ ጊዜም የላትም፣ የረጠበ ቡና ይሻግታልና። የሳቸውን ስም ሳትጠራ ጉዳዩን ማረጋገጥ ትችላለች ወይ የሚለው የመጨረሻው ክፍል ጥያቄ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ያለ አጃቢው ፈጽሞ አይኖርም ነበር።

6. ሲበላሽ በምን ይታወቃል?

ድርሰቱ ሲያልቅ አጃቢውን ከአንድ ምዕራፍ ወይም ትዕይንት ሙሉ በሙሉ አውጡትና አንብቡት። የሚጎድለው ሳቅ ብቻ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ነው ማለት ነው።

በተቃራኒው አጃቢው ጀግናውን ሊውጠው ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ረቂቁን ያነበቡ ሰዎች ስለ አጃቢው ብቻ ያወራሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አጃቢው የሚያጣው ነገር ሲኖር ጀግናው የሚያጣው ነገር አለመኖሩ ነው። ሙሉ ተሳስታ ብትገኝ ምን ይደርስባታል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ታሪኩ የጋሽ ደምሴ ነው። ሁለት ምርጫ አላችሁ፤ ለሙሉ የምታጣውን ነገር መስጠት፣ ወይም ሐቁን ተቀብሎ ባለታሪኩን መቀየር። ሁለተኛው ከሚመስለው በላይ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

ቀልዱንስ? ከነጭራሹ ይቅር ማለት አይደለም። ቀልዱ ከአጃቢው ዕውቀት ይውጣ፤ ጋሽ ደምሴ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ጆንያው፣ ከተማ ስላደገች ልጅ ጫማ ቢቀልዱ ያምርባቸዋል። ከሌላ ቦታ የመጣ ቀልድ አፋቸው ላይ ሲቀመጥ ጸሐፊው ይታያል።

አጃቢ የማያስፈልግበትም ታሪክ አለ። ባለታሪኩ ራሱ በ«እኔ» የሚተርክ፣ ሐሳቡንም የማይደብቅ ከሆነ የደረጃ 1 ችግር አስቀድሞ ተፈትቷል፤ ተጨማሪው ሰው ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ ያስነግራል። ብቸኝነቱ ራሱ የታሪኩ ጉዳይ የሆነ ሰውም እንዲሁ ነው። በረሃ ላይ ለጠፋ ወይም በእስር ክፍል ብቻውን ለተቆለፈ ሰው አጃቢ ከሰጣችሁት የጻፋችሁበትን ምክንያት ትወስዱበታላችሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ሐሳቡን የሚያወጣበት ዕቃ ይበቃዋል፤ በግድግዳ ላይ የሚጭረው መስመር፣ የሚቆጥረው የቀረ ውሃ።